ከ38 ሰዓቱ 27ቱ፦ ስታንድባይ ሰርቨር ለማስፈቀድ የጻፍኩት ሜሞ

ሲስተም ወድቆ ሲነሳ ሁለት ወረቀት ይጻፋል፣ አንዱ ምን ተፈጠረ የሚል፣ ሌላው ምን ይገዛልን የሚል። እኛ አይቲ ውስጥ ያለን ሰዎች ደሞ ሁለቱን መቀላቀል እንወዳለን። የደረሰውን ጉዳት በሙሉ እንዲገዛልን በምንፈልገው እቃ ላይ እንቆልልና "ይሄ ሰርቨር ቢኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር" እንላለን፣ ማኔጅመንቱም አንብቦ "እነዚህ ልጆች ሁሌ ግዙልን ነው" ይልና ወረቀቱ ፋይል ይገባል፣ በቃ። እኔ የዳታቤዝ አድሚን ነኝ፣ መድኃኒት አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው፣ እና ቅዳሜና እሁድ ሲስተሙ ወድቆብን ሰኞ ረፋድ ላይ ከተነሳ በኋላ ሜሞ ጻፍ ስባል ያሰብኩት ነገር አንድ ነው፦ ስታንድባዩ፣ ማለት ዋናው ሲሞት ሥራውን እንዲረከብ የምንጠይቀው ተጠባባቂ ሰርቨር፣ የማያድነውን ሰዓት መጀመሪያ ራሴ ላውጣው።

የነበረን ነገር ይሄ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ሰርቨር፣ ላዩ ላይ ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ ዳታቤዙ 180 ጊጋ ገደማ፣ አራት ዲስክ በሬይድ 5 የተያያዙ። ሐዋሳም ባሕር ዳርም አዳማም ያሉት ቅርንጫፎች እዚሁ ላይ ነው የሚገቡት። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ሲሞት ይችላል፣ ሁለተኛው ከሞተ ግን ሁሉም ነገር ይሄዳል። አንዱ ሞቶ ምትኩ ታዞ ነበር፣ ያው ዲስክ እዚህ አገር ሱቅ ገብተህ የምታነሳው እቃ አይደለም፣ ጠብቁ ተባልን፣ ስንጠብቅ ሁለተኛው ሄደ። ይሄ ሰዎችን ይገርማቸዋል ግን አይገርምም፣ አራቱም ዲስኮች በአንድ ቀን የተገዙ፣ እኩል ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፣ አንዱ ሲወድቅ ደሞ የሱን ዳታ ከሌሎቹ እያሰሉ ማንበብ ስለሚመጣ የቀሩት ላይ ሥራ ይበዛል። አንዱ ካረጀ ሌሎቹም አርጅተዋል።

ሎጉ ላይ የወደቀበት ሰዓት 21:10 ይላል። ሜሞው ላይ ግን "ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡10" ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ሁሉንም ሰዓት ወደኛ አቆጣጠር ቀይሬ፣ ምክንያቱም ወረቀቱን የሚያነቡት ሰዎች ሰዓቱን ከጥበቃ አባባ መዝገብና ከሱቅ መዝጊያ ጋር ነው የሚያስተያዩት። (ይሄን ነገር ችላ አትበሉ፣ አንድ ሪፖርት ላይ ሁለት ዓይነት ሰዓት ተቀላቅሎ የስድስት ሰዓት ልዩነት ላይ ሰዎች ሲጣሉ አይቻለሁ።)

ሰዓቱን እንዲህ ከፋፈልኩት። ከቅዳሜ ምሽት 3፡10 እስከ እሁድ ጠዋት 2፡30፣ 11 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ ማንም አያውቅም፣ እሁድ ጠዋት የሐዋሳው ስቶር ኪፐር የድንገተኛ ትዕዛዝ ሊያወጣ ገብቶ "አይከፍትም" ብሎ እስኪደውል ድረስ። ከዛ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ 4 ሰዓት ተኩል፣ ሬይዱ ይመለስ ይሆን ወይ እያልን፣ ዲስክ እያወጣን እየመለስን፣ ቬንደሩ ጋ እየደወልን፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠን ከባክአፕ እንመልስ እስክንል። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ሌላ ማሽን ፈልጎ ኦፕሬቲንግ ሲስተምና ፖስትግሬስ መጫን። ከ10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7፡30 ባክአፑን መመለስ፣ 9 ሰዓት ተኩል። ከዛ እስከ ሰኞ ረፋድ 5፡30 መፈተሽና የቅዳሜን ሽያጭ ከወረቀት ላይ መልሶ ማስገባት፣ 10 ሰዓት። ስትደምሩት 38 ሰዓት ከ20 ይመጣል።

እንግዲህ ስታንድባይ ቢኖር ከዚህ ውስጥ የትኛው ይቀር ነበር? የመጀመሪያው 11 ሰዓት ከ20 አይቀርም። ስታንድባይ እዛ ተቀምጦ ዋናው ሰርቨር ሲሞት ለማንም አይናገርም፣ የሚናገር ነገር ካላደረግንለት። እሱን የሚፈታው ዳታቤዙን በየደቂቃው "አለህ?" እያለ የሚጠይቅና መልስ ሲያጣ ስልክ ላይ ኤስኤምኤስ የሚልክ አንድ ትንሽ ስክሪፕት ነው፣ ያውም ከሌላ ማሽን ላይ፣ እሱ ደሞ ሰርቨር አያስገዛም። ስለዚህ ሜሞው ላይ በግልጽ "ከ38 ሰዓት ከ20 ውስጥ ስታንድባይ ሰርቨር የሚመለከተው 27ቱን ነው፣ ቀሪው በክትትል የሚፈታ ነው" ብዬ ጻፍኩ። 27ቱ ደሞ ዜሮ አይሆንም፣ ወደ አንድ ሰዓት ይወርዳል ነው ያልኩት፣ ስታንድባዩን ዋና የሚያደርገው ትዕዛዝ ራሱ ሰከንዶች ቢፈጅም ሰው አይቶ፣ ዋናው በእርግጥ መሞቱን አረጋግጦ፣ ፈቃድ ጠይቆ ነው የሚያዘው።

ሜሞውን ያነበቡት ሥራ አስኪያጃችን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ ሁላችሁም የምትገምቱትን ነው። "ባክአፕ አለን ስትሉኝ አልነበር እንዴ?" አዎ፣ ባክአፕ አለን። ሠርቷልም፣ ዳታው የተመለሰው በሱ ነው። ግን ባክአፕ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጥያቄ ተደብቋል፣ ስንመልሰው እስከ መቼ ድረስ ያለውን ይሰጠናል የሚልና ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጃል የሚል። የኛ የሚወሰደው በየሌሊቱ በ`pg_dump` ነው፣ ስለዚህ የመጨረሻው የዓርብ ሌሊት ነው፣ የቅዳሜ ሥራ በሙሉ እዛ ውስጥ የለም።

ለምን 9 ሰዓት ተኩል ፈጀ የሚለውን ደሞ በቃል ነው ያስረዳኋቸው። ደምፕ ማለት ዱቄት ነው እንጂ እንጀራ አይደለም። ፋይሉ ውስጥ ያለው የቴብሉ ዳታና "እዚህ ላይ ኢንዴክስ ሥራ" የሚል ትዕዛዝ ነው፣ ኢንዴክሱ ራሱ፣ ዳታው ቶሎ የሚገኝበት ማውጫ፣ የለም። ስትመልሰው መጀመሪያ ዳታው ይጫናል፣ ከዛ እያንዳንዱ ኢንዴክስ ዳታውን እንደገና አንብቦና ደርድሮ ከዜሮ ይሠራል፣ ከዛ አንዱን ቴብል ከሌላው የሚያያይዙት ፎሪን ኪዎች አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። የኛ የስቶክ እንቅስቃሴ ቴብል ላይ ብዙ ኢንዴክስ አለ፣ ዳታው የገባው ከሌሊቱ በፊት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የበላው ኢንዴክሱ ነው። ኮፒው አለቀ ብሎ "ሊነሳ ነው" የሚል ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው። ስታንድባይ ግን የተጋገረ ነው፣ ኢንዴክሱም ሁሉም ነገር ተሠርቶ ቀጥ ብሎ የቆመ ሙሉ ኮፒ ነው፣ ዋናው ላይ የሚጻፈው ለውጥ ሁሉ ዋል በሚባለው ሎግ በኩል እየመጣለት ራሱ ላይ ይደግመዋል።

የቅዳሜው ሽያጭ ነገር ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ማኔጅመንቱን ያሳመነው ከሁሉም በላይ ይሄ ይመስለኛል። ሰዉ የሚያስበው "ወረቀቱ አለ፣ ታይፕ ይደረጋል" ነው። ግን ዳታቤዙ ወደ ዓርብ ሌሊት ሲመለስ የኢንቮይስ ቁጥር ቆጣሪውም አብሮ ተመልሷል። ማለት ቅዳሜ ለደንበኛ ታትመው የወጡት ቁጥሮች ለሲስተሙ ገና ያልተሰጡ ናቸው፣ ሰኞ ጠዋት ዝም ብለን ብንከፍተው ኖሮ ቅዳሜ ለአንድ ፋርማሲ የተሰጠው ቁጥር ሰኞ ለሌላ ሆስፒታል ይወጣ ነበር። ኦዲተር ፊት ሁለት አንድ ዓይነት ቁጥር ይዞ መቅረብ ምን እንደሆነ ለፋይናንስ ኃላፊዋ መንገር አላስፈለገኝም፣ ፊታቸው ነገረኝ። ስለዚህ ከመክፈታችን በፊት የመጨረሻውን የቅዳሜ ወረቀት ከየቅርንጫፉ አስነብበን፣ ቆጣሪውን ከሱ በላይ ዘለል አድርገን፣

```
SELECT setval('invoice_no_seq', 48700);
```

የቅዳሜዎቹን በራሳቸው አሮጌ ቁጥር በእጅ አስገባን። መድኃኒት ስለሆነ ደሞ የባች ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ሁሉ መግባት አለበት፣ ከየትኛው ባች እንደወጣ ካልተመዘገበ አንድ ባች ይሰብሰብ ሲባል የት እንዳለ አይታወቅም። ለአንድ ግማሽ ቀን ሥራ ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ። አደጋው ሐሙስ ማታ ቢሆን ኖሮ ሙሉ የሥራ ቀን ነበር።

ኪሳራውን በብር ስንተምን ሽያጭ ጠፋ አላልኩም። ፋይናንሶች ጋ ቁጭ ብለን ስናየው አብዛኛው ደንበኛ ሰኞ ከሰዓት ተመልሶ ገዝቷል፣ ዘገየ እንጂ አልጠፋም። የጻፍነው የትርፍ ሰዓት ክፍያውን፣ ሰኞ ጠዋት ሳይጫኑ የቆሙትን መኪናዎችና ሌላ አቅራቢ ጋ የሄዱትን ትዕዛዞች ብቻ ነው። ቁጥሩ እኔ መጀመሪያ በጭንቅላቴ ከያዝኩት በጣም ያንሳል፣ ግን ፋይናንስ ራሱ የፈረመበት ስለሆነ ስብሰባው ላይ ማንም አልተከራከረበትም።

ቀጥሎ የት ይቀመጥ የሚለው መጣ። ርካሹ ሐሳብ እዛው ክፍል፣ እዛው ራክ ላይ ነው። ለዲስክ ብልሽት ይበቃል፣ ግን አንድ ዩፒኤስ፣ አንድ ጀነሬተር፣ አንድ ኤሲ፣ አንድ ቁልፍ ነው፣ እዛ ክፍል ላይ ውሃ ቢፈስ ሁለቱም እኩል ይረጥባሉ። እኛ ቃሊቲ መጋዘን አለን፣ የራሱ ጀነሬተር አለው፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በ10 ሜጋቢት ፋይበር ይገናኛል። "በዚህ መስመር ይችላል?" የሚለውን በግምት መመለስ አልፈለግኩም፣ መለካት ቀላል ነው፣ ጠዋት ሥራ ሲጀመር `SELECT pg_current_wal_lsn();` ብለህ ዋሉ የደረሰበትን ቦታ ትይዛለህ፣ ማታ ደግመህ ትይዛለህ፣ ከዛ ልዩነቱን፦

```
SELECT pg_wal_lsn_diff('2A/7C000000', '29/80000000');
```

4227858432 ባይት ይላል፣ በቀን 4.2 ጊጋ ማለት ነው። በስምንት የሥራ ሰዓት ብታካፍለው በአማካይ በሰከንድ 1.2 ሜጋቢት አይሞላም፣ ወር መጨረሻ ላይ ብዙ እጥፍ ቢሆን እንኳ መስመሩ ይሸከመዋል። የማይሸከመው የመጀመሪያውን ኮፒ ነው፣ 180 ጊጋ በ10 ሜጋቢት 40 ሰዓት ይፈጃል፣ ያውም መስመሩን ለብቻው ይዞ። ስለዚህ አዲሱ ሰርቨር መጀመሪያ እዚሁ ዋናው አጠገብ ይሰካና በ`pg_basebackup` ይሞላል፣ ከዛ ተነቅሎ በመኪና ቃሊቲ ይሄዳል፣ እዛ ሲደርስ በመንገድ ላይ ያመለጠውን ብቻ ይስባል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዋናው ሰርቨር ስታንድባዩ ያልወሰደውን ዋል ሳይሰርዝ እንዲጠብቅ ሪፕሊኬሽን ስሎት ይደረግለታል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ስሎቱ ታማኝ ነው፣ ስታንድባዩ ለአንድ ሳምንት ቢጠፋም ይጠብቀዋል፣ ዋሉ እየተከመረ የዋናውን ዲስክ ሞልቶ ዋናውን ራሱን ያቆመዋል። ማለት ለአደጋ ብለህ ያስገዛኸው እቃ አደጋውን ያመጣል። ከቨርዥን 13 ጀምሮ `max_slot_wal_keep_size` የሚባል ገደብ አለ፣ እሱን ሞልቶ ማስቀመጥ ነው፣ ከገደቡ ካለፈ ስታንድባዩ ይበላሽና እንደገና ይሞላል፣ ዋናው ግን ይቆማል ብዬ አልሰጋም።

ሌላው ጋሼ የጠየቁት "ምንም ሳይጠፋ ማድረግ አይቻልም?" የሚል ነበር። ይቻላል፣ ግን ውሳኔው የኔ አይደለም አልኳቸው። ዋናው ሰርቨር እያንዳንዱን ሽያጭ "ተመዝግቧል" ከማለቱ በፊት ስታንድባዩ ተቀበልኩ እስኪል እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል፣ ሲንክሮነስ የሚባለው ነው። ያኔ የጠፋ ነገር አይኖርም። ግን የቃሊቲው ፋይበር የተቆረጠ ቀን ዋናው ተቀበልኩ የሚለው ሰው ያጣል፣ ሽያጭ ሁሉ ቀጥ ይላል፣ ዋናው ምንም ሳይሆን። በኛ ከተማ መንገድ በሚቆፈርበት ሁኔታ ፋይበር ከዲስክ ቶሎ ነው የሚቆረጠው። ካልጠበቀ ግን፣ አሲንክሮነስ፣ ዋናው በድንገት ከሞተ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ሽያጭ ሊጠፋ ይችላል። "ጥቂት ሰከንድ በወረቀት እንይዛለን፣ ፋይበር ተቆረጠ ብዬ ሱቅ አልዘጋም" አሉ፣ እኔም ቃል በቃል ሜሞው ላይ አስገባሁት፣ አንድ ቀን ሦስት ኢንቮይስ ጠፋ ሲባል ማን ምን እንደመረጠ እንዲታወቅ።

ራሱ በራሱ ይቀየር ወይ ለሚለው ደሞ አይቀየር ነው ያልኩት፣ እዚህ ላይ ከሻጩ ጋርም አልተስማማንም። ሁለት ሰርቨርና አንድ መስመር ብቻ ሲኖር፣ መስመሩ ሲቆረጥ ቃሊቲ ያለው "ዋናው ሞቷል" ብሎ ራሱን ዋና ያደርጋል፣ እዚህ ያለው ግን አልሞተም፣ ሐዋሳ አንዱ ላይ ይሸጣል፣ አዳማ ሌላው ላይ፣ አንድ ካርቶን መድኃኒት ሁለት ቦታ ይሸጣል። ይሄን ከተከሰተ በኋላ መልሶ ማዋሃድ ከ38 ሰዓት በላይ ነው የሚፈጀው። ዳኛ የሚሆን ሦስተኛ ማሽን ሌላ ቦታ ሲኖረን እናስብበታለን፣ እስከዛ ሰው ነው የሚወስነው። ሜሞው ላይ ማን እንደሚወስን በኃላፊነት ስም ተጽፏል፣ እሱ ካልተገኘ ማን እንደሚተካውም፣ እና ስታንድባዩን ዋና የሚያደርገው `SELECT pg_promote();` ከመባሉ በፊት የዋናው ኔትወርክ ኬብል እንዲነቀል፣ መብራት ሲመጣ ብድግ ብሎ "እኔ ነኝ ዋናው" እንዳይል። ኬብሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ተለጥፏል፣ የጥበቃ አባባም ያውቁታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፋይናንስ ኃላፊዋ ጥሩ ጥያቄ አመጡ፣ "ስታንድባዩ ካለ የባክአፑን ወጪ እንቀንስ?" አይሆንም! አንድ ሰው የትኛው እንደሚሰረዝ የሚገድበውን `WHERE` ረስቶ ዲሊት ቢያደርግ ስታንድባዩ በሰከንድ ውስጥ በታማኝነት ያንኑ ይሰርዛል። የፕሮግራመሮች ኮድ የሚቀመጥበትን የጊትላብን ታሪክ ያነሳሁት እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ሪፕሊኬሽናቸው ተበላሽቶ ሲያስተካክሉ አንድ ኢንጂነር ስታንድባዩ ላይ ያለ መስሎት የዋናውን የዳታ ፎልደር ሰረዘ፣ 300 ጊጋ ገደማ የነበረው 4.5 ጊጋ ሲቀረው ነው ያቆመው። ስታንድባይ ነበራቸው፣ ግን ሊሞላ ሲባል ባዶ ተደርጎ ነበር። የ`pg_dump` ባክአፕ ነበራቸው፣ ግን ሰርቨሩ ቨርዥን 9.6 ሆኖ ደምፕ የሚያደርገው ፕሮግራም 9.2 ስለነበረ ሲከሽፍ ነው የቆየው፣ መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም ሳይደርስ ይቀር ነበር። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ በአጋጣሚ የተወሰደ የዲስኩ ቅጽበታዊ ኮፒ፣ ስናፕሾት የሚባለው፣ ነው። እነሱ ይሄን ሁሉ ራሳቸው አደባባይ አውጥተው ጻፉት፣ እኔ በጣም ነው የማከብራቸው ለዚህ።

ስለዚህ የሌሊቱ ደምፕ ይቀጥላል፣ ስታንድባዩም ይጠበቃል። መጠበቅ ስል እንዲህ ነው፦

```
SELECT application_name, state, replay_lag
FROM pg_stat_replication;
```

ዋናው ላይ ይሄን ስትጠይቅ ስታንድባዩ ምን ያህል ወደኋላ እንደቀረ ይነግርሃል። ብዙ ሰው "ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቀረ ኤስኤምኤስ ላክ" ብሎ ይተወዋል። ችግሩ ስታንድባዩ ጭራሽ ከተቋረጠ የሱ ረድፍ ራሱ ከመልሱ ውስጥ ይጠፋል፣ መዘግየት የሚባል ቁጥር የለም፣ ማስጠንቀቂያውም ዝም ይላል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው መልሱ ባዶ ሲሆንም መጮህ አለበት።

አንድ ሳልጠቅስ ልዘልለው የነበረ፣ ግን ቅርንጫፍ ያለው ሁሉ የሚያገኘው ነገር አለ። የኛ የቅርንጫፍ ኮምፒውተሮች ላይ የሰርቨሩ አይፒ አድራሻ በእጅ ነው የተጻፈው፣ እያንዳንዱ ላይ። ስታንድባዩ በደቂቃ ቢነሳ እንኳ ባሕር ዳር ያለውን እያንዳንዱን ማሽን በስልክ "እዚህ ጋ ግባ፣ ይሄን አጥፋ" እያልክ ስትቀይር ቀኑ ይመሻል። በአይፒ ፈንታ ስም ማድረግ፣ ወይም ፖስትግሬስ ራሱ እንደሚፈቅደው ሁለቱንም አድራሻ ሰጥቶ `target_session_attrs=read-write` ማለት፣ የሚጻፍበትን ራሱ ፈልጎ ይገባል። ይሄ ሥራ ሰርቨሩ ሳይገዛ በፊት ነው የሚጀመረው፣ ሜሞው ላይም የመጀመሪያው ተራ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ኤስኤምኤሱ ሁለተኛ፣ ግዢው ሦስተኛ።

ግዢው ተፈቀደ፣ ሁለት የጎደለ ነገር ግን አለው። የጠየቅኩት ሰርቨር ከዋናው እኩል አቅም ያለው ነበር፣ የተፈቀደው ሜሞሪው ግማሽ የሆነ ነው፣ ስለዚህ እሱ ላይ በምንሠራበት ቀን የፋይናንስ ትላልቅ ሪፖርቶች እንደማይወጡ ጽፈን ተፈራረምን። ሁለተኛው የመቀየሪያ ልምምዱ ነው፣ በሦስት ወር አንዴ እውነተኛውን ሥራ ወደ ቃሊቲ አዙረን እንመልሳለን ብዬ ነበር፣ ጋሼ በስድስት ወር አንዴ አደረጉትና ጎን ላይ በእስክሪብቶ "ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን፣ ወር መጨረሻ ላይ ግን አይሆንም" ብለው ጻፉበት። ሦስት ወሩን በሚቀጥለው የበጀት ስብሰባ እንደገና አመጣዋለሁ።